በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላው ሰዓቴ ሌሊቱን አያድርም

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦ አባቴ የሰጠኝ፣ ከእጅ እንቅስቃሴ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ አሮጌ የኳርትዝ ሰዓት አለኝ። ቢሮ አስሬው ውዬ ማታ ሳስቀምጠው ሌሊት ይቆማል፤ ከመቆሙ በፊት የሰከንዱ ዘንግ ሁለት ሁለት ሰከንድ ይዘላል። የተበላሸው ማሽኑ ነው ወይስ ባትሪው? የአዲሱ ባትሪ ዕድሜስ ምን ያህል ነው?

መልስ 1፣ ከመሐል ሜዳ፦ የእኔም እንዲሁ በእጅ እንቅስቃሴ የሚሠራ ነው፤ ባወለቅሁት በሁለተኛው ቀን ይቆማል፣ ግን ባትሪ የሚባል ነገር የለውም። ጠመዝማዛው ሲላላ ይቆማል እንጂ ብልሽት አይደለም።

መልስ 2፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ ከደብረ ብርሃን፦ የመሐል ሜዳው ወንድማችን ሰዓት ኃይሉን በጠመዝማዛ ብረት የሚያቆይ ሜካኒካል ስለሆነ ከዚህኛው ጋር አይገናኝም። በእርስዎ ሰዓት ውስጥ የሚዞረው ክብደት አንዲት ትንሽ ማግኔት በከፍተኛ ፍጥነት ያሽከረክራል፤ ከጥቅልል ሽቦው የሚወጣው ኤሌክትሪክም በኃይል ማጠራቀሚያው ውስጥ ይቀመጣል። ሁለት ሁለት ሰከንድ መዝለሉ የተጠራቀመው ኃይል ማለቁን የሚነግር ምልክት ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍ እጅ ብዙ ስለማያመነጭ፣ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይሞክሩ፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የክብደቱ ድምፅ እየተሰማ ሰዓቱን ጥቂት መቶ ጊዜ ወደ ግራና ቀኝ ያወዛውዙትና አስቀምጠው ይከታተሉት። ጨርሶ አንድ አንድ ሰከንድ መቁጠር ካልጀመረ ማመንጫው ወይም ሰርኪውቱ ይጠረጠራል፤ በደንብ ቆጥሮ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እንደገና መዝለል ከጀመረ ግን ማጠራቀሚያው ደክሟል።

መልስ 3፣ ከደብረ ሲና፦ ሴይኮ የመጀመሪያዎቹን የዚህ ዓይነት ሰዓቶች ካፓሲተር አስገብቶ ሠርቶ በኋላ በባትሪ ተክቶታል። ስለዚህ ልኩ የገጠመ ማንኛውም የሰዓት ባትሪ ይበቃል።

መልስ 2፦ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ልክ ነው፤ ሁለተኛው ግን ሰዓቱን ይገድለዋል። በካፓሲተሩ ፋንታ የገባው ዳግም የሚሞላ የሊቲየም አዮን ባትሪ ነው። ተራው የብር ኦክሳይድ ባትሪ 1.55 ቮልት ስለሚሰጥ ለጊዜው ያስኬዳል፤ ማመንጫው ግን ኤሌክትሪክ እየመለሰ ስለሚሞላው ሊያብጥና አፍስሶ ሰርኪውቱን ሊበላው ይችላል። በፀሐይ ለሚሠሩትም ሕጉ ያው ነው።

መልስ 4፣ ከሸዋ ሮቢት፦ የፀሐይ ሰዓት ለብዙ ዓመታት አስሬአለሁ። ሲቲዝን የኢኮ ድራይቭ ባትሪው ከ20 ዓመት በኋላም 80 በመቶ ያህል የመያዝ አቅም እንደሚኖረው ይናገራል። ይሁንና በእኛ ሙቀት መኪና መስታወት ሥር ማስቀመጥ፣ በእናንተም ብርድ ከኮትና ከጋቢ ሥር ደብቆ መዋል ሁለቱም አይበጁም፤ ባዶውን መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት መተው ደግሞ ይበልጥ ይጎዳዋል።

ጠያቂ፦ እንደተባለው አወዛወዝሁት። አንድ አንድ ሰከንድ መቁጠር ጀመረ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግን ቆሞ አገኘሁት።

መልስ 2፦ እንግዲያስ ማጠራቀሚያው ነው። በክዳኑ ጀርባ የተጻፈውን የካሊበር ቁጥር ይላኩልኝ፤ ባትሪው የሚታዘዘው በእርሱ ነው። ክዳኑ ሲከፈት የውኃ መከላከያ ጎማውም ይለወጥ። ዘይቱ ደርቆ ክብደቱ እንደሚገባው የማይዞር ከሆነ ግን አዲሱ ባትሪም ስለማይሞላ፣ ይህን ሳልከፍተው ልነግርዎ አልችልም።