ከ1988ቱ የሰርግ ካሴት ሚዜውን ማውጣት

ጥያቄ፦ የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ በአንድ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ኤዲተር ነኝ። አንዲት እናት የ1988 ዓ.ም. ሰርጋቸውን የቪኤችኤስ ካሴት አመጡልኝ። ባለቤታቸው አርፈዋል። ልጃቸው በቅርቡ ልታገባ ነው፣ በመልሱ ቀን በፕሮጀክተር እንዲታይ ይፈልጋሉ። ግን የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም እንዲወጣ አዘዙኝ። በቤት ውርስ ተካሰዋል፣ ከተነጋገሩም ቆይተዋል። «ዓይኔ እንዳያየው» አሉ።

ችግሩ ሰውየው አንደኛ ሚዜ ነበር። ሦስት ቦታ ጨነቀኝ። ሐይቁ ዳር ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሆኖ እሱ ዳር ላይ ቆሟል። ዳስ ውስጥ ሙሽራውን አቅፎ አርባ ሰከንድ ያህል ይቆያል፣ ካሜራው በእጅ ነው። ሦስተኛው ሙሽሮቹ የሙሽራውን እናት ጉልበት ሲስሙ ነው። እሱ ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሲይዝ ክንዱ ፊታቸውን በግማሽ ይሸፍናል። እኚያ አያት አሁን በሕይወት የሉም። ልጅቷ እንደነገረችኝ ሌላ ተንቀሳቃሽ ምስል የላቸውም። After Effects አለኝ። ከየት ልጀምር?

ፈጣን ኤዲት

ይሄማ ቀላል ነው። ሰውየው ላይ ማስክ ሥሪ፣ ማስኩን Subtract አድርጊው። ከዚያ Content-Aware Fill ፓነል ላይ Object መርጠሽ Generate Fill Layer በይው። ማታ ለቀሽው ትተኚያለሽ፣ ጠዋት ሰውየው የለም። እኔ ከአንድ ክሊፕ የመብራት ምሰሶ እንዲህ ነው ያወጣሁት። ሦስቱንም በአንድ ሌሊት ትጨርሻለሽ።

አሮጌ ካሴት (አዳማ)

ወንድሜ የሐይቁን ሾት በተመለከተ ልክ ነህ። የሌሎቹን ግን አይደለህም። ያ መሣሪያ የተሸፈነውን ቦታ ከሌላ ፍሬም ነው የሚበደረው። ምሰሶህን ካሜራው ሲያልፈው ከጀርባው ያለው ግድግዳ ታየ፣ ስለዚህ የሚበደረው ነበረው። ተቃቅፈው አርባ ሰከንድ የቆሙ ሰዎች መሀል ግን ምን ይበደራል? ከሚዜው ጀርባ ያለው የሙሽራው ደረት አንድም ጊዜ አልታየም። የምታገኚው የቀለጠ ሰም የመሰለ ሙሽራ ነው።

እህቴ፣ እኔ የቪኤችኤስ ሰርግ እየቀረጽኩ ያደግኩ ሰው ነኝና ከመጀመሪያው ልነሳ። ካሴቱን እስከ መጨረሻው ገልብጪውና ያንን ፋይል አትንኪው። የምትሠሪው በቅጂው ላይ ነው። ከዚያ ማስክ ከመሥራትሽ በፊት ምስሉን ከኢንተርሌስ አውጪው። የኛ ካሴት ፓል ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም አለው፣ እያንዳንዱ ፍሬም ደግሞ በተለያየ ቅጽበት የተነሱ ሁለት ግማሾች ይዟል። በዚያ ላይ ማስክ ከሠራሽ የሚንቀሳቀስ እጅ ጠርዙ የማበጠሪያ ጥርስ ይመስላል። የሠራሽው ቦታ እዚያው ይጋለጣል። እኔ የምጠቀመው ይሄን ነው፦

```
ffmpeg -i serg.avi -vf bwdif=mode=send_field -c:v prores_ks -profile:v 3 -c:a pcm_s16le serg50.mov
```

በሰከንድ 50 ፍሬም ይሰጥሻል። ሲጫወት ሰዎቹ ወደፊት ወደኋላ የሚንቀጠቀጡ ከመሰለሽ የግማሾቹ ቅደም ተከተል ተገልብጧል ማለት ነው። `mode=send_field` ከሚለው ቀጥሎ `:parity=tff` ወይም `:parity=bff` ጨምረሽ ሞክሪ፣ አንዱ ያስተካክለዋል።

አሁን ሐይቁ። ሚዜው ወደ ፍሬሙ ከመግባቱ በፊት ወይም ከወጣ በኋላ ባዶውን ቦታ ፈልጊ። ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ያንን ባዶ ቁራጭ እሱ በቆመበት ላይ ትለጥፊዋለሽ። ውሃው በሁለቱም ስለሚንቀሳቀስ ማንም አይለየውም። ግን አንድ ፍሬም አቁመሽ እንደ ፎቶ እንዳትለጥፊ። የቪኤችኤስ ምስል ሁልጊዜ ይርገፈገፋል። ፎቶው ያረፈበት ቦታ ደግሞ እንደ መስታወት ጸጥ ይላል። በትልቅ ስክሪን ሰው ምክንያቱን ባያውቀውም እዚያ ቦታ ላይ ዓይኑ ይቆማል።

ሌላው ብርሃን ነው። የዚያን ጊዜ ካሜራ ብርሃኑን ራሱ ነበር የሚያስተካክለው። ነጭ ቬሎ ሲገባ ምስሉ ሁሉ ይጨልማል። ሙሽራዋ ሳትገባ የወሰድሽው ባዶ ሐይቅ ከገባች በኋላ ከምታዪው ይልቅ ይደምቃል፣ አጨልመሽ አመሳስይው። ደግሞ አሞራ ገደል አካባቢ ከሆነ አባ ኮዳ እንዳያልፍ ተጠንቀቂ። የቁራጩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግማሽ አካሉ የሚጠፋ ወፍ አይቼ አውቃለሁ።

የክራቫቱ ቀለም ምንድን ነው?

የታቦር ልጅ

ቀይ ነው ጋሼ። ምነው? ደግሞ አንደኛዋ የሙሽራ ሚዜ ክንዱን ይዛለች።

አሮጌ ካሴት (አዳማ)

የፈራሁት ይሄንኑ ነው። ቪኤችኤስ ቀለምን በደንብ አይዝም። ቀይ ከቅርጹ ወጥቶ ወደ ጎን ይፈሳል። ማስኩን ሰውየው በሚታይበት ልክ ከሠራሽ ሰውየው ይሄድና ቀይ ጥላው አየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ማስኩን በሚፈስበት በኩል አስፊው። ወዴት እንደሚፈስ ለማየት የምስሉን ቀለም በጣም ከፍ አድርጊው፣ ወዲያው ይታይሻል። ሥራው ሲያልቅም ለፍተሻ እንዲሁ አድርጊ።

የሴቷ ሚዜ እጅ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ብታወጪ እጇ ምንም ሳይዝ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ክንዱን ከያዘችበት ቅጽበት በፊት ቁረጪው። ሐይቁ ዳር ሦስት ደቂቃ ማየት የሚፈልግ ዘመድ የለም፣ እመኚኝ።

የሕግ ተማሪ

ይቅርታ ግን ይሄ ነገር ወንጀል አይደለም? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለፈቃዱ መጠቀም ክልክል ነው። ሰውየው ሊከስሽ ይችላል።

አሮጌ ካሴት (አዳማ)

ተማሪው፣ አንቀጹን መልሰህ አንብበው። የሚከለክለው የሰውን ፎቶ ወይም ምስል ያለፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ ነው። እሷ እኮ ሰውየውን እያሳየች አይደለም፣ እያወጣችው ነው። ካሴቱም የሴትየዋ ነው።

እማ ቡና

እኔ ስለ ኮምፒውተሩ አላውቅም። ከቤታችን ቪዲዮ ግን እናቴን አስወጥተዋት ነበር፣ አባቴ ሌላ ካገባ በኋላ። ልደቴ ላይ ኬክ ስቆርስ ትከሻዬ ላይ ጣት ይታያል፣ ሰው ግን የለም። የሠራው ልጅ ረስቶት ነው። ያቺን ቦታ እየደጋገምኩ አያት ነበር። አባቴ ያተረፈው ነገር የለም። ልጄ፣ ሙሽሪት ታውቃለች? የአባቷ ወንድም እኮ ነው።

ፈጣን ኤዲት

እማ፣ እኛ የደንበኛን ትእዛዝ ነው የምንሠራው። በዚህ ከገባን ሥራ የለም። ፊቱን ብቻ ብዥ ብታደርጊውስ?

አሮጌ ካሴት (አዳማ)

በሰርግ መሀል ፊቱ ብዥ ያለ ሰው! ያኔማ እንግዳው ሁሉ «ማነው እሱ?» ይላል። የተረሳው ጸብ በዚያው ይቀሰቀሳል።

እማ ያሉትን ግን አልዘልለውም። ያልወጣች ጣት ከሰውየው ራሱ የበለጠ ታስታውቃለች። ስለዚህ እህቴ፣ መጥፋት የሚችለውንና የማይችለውን ለይተሽ ለደንበኛሽ አሳዪያቸው።

እቅፉን አታጥፊው። አርባ ሰከንድ በ50 ፍሬም ሁለት ሺህ ፍሬም ነው፣ ካሜራው ደግሞ በእጅ። ሁሉንም በእጅሽ ብትሥዪው እንኳ ውጤቱ አያምርም። ቁረጪው። በቦታው ከዚያው ካሴት ሌላ ምስል አስገቢ። የዚያን ጊዜ ቀራጭ ዳስ ውስጥ እንግዳውን አንድ በአንድ ሲያሳይ አይደክመውም ነበር፣ የሚሆንሽ አታጪም። ድምፁን ግን ስሚው። ሚዜው እዚያ ጮክ ብሎ የሚናገር ከሆነ ምስሉን አውጥተሽ ድምፁን መተው ትርጉም የለውም። ያንን ድምፅ ዘግተሽ ከሌላ ቦታ እልልታ አምጪ። ድምፁን ሰምተው የሚያውቁት ዘመዶች እኮ ናቸው ቁጭ ብለው የሚያዩት።

አያትየዋ ጋ ስንመጣ፣ ክንዱ ፊታቸውን ከመሸፈኑ በፊት ስንት ሰከንድ አለሽ?

የታቦር ልጅ

አራት ሰከንድ ገደማ። እሱ ግን ፍሬሙ ቀኝ ጠርዝ ላይ በግማሽ ይታያል።

አሮጌ ካሴት (አዳማ)

በቂ ነው። አራቱን ሰከንድ ብቻ ውሰጂ። ምስሉን ትንሽ አስጠግተሽ ቀኙን ጠርዝ ቁረጪው። ፓል 720 በ576 ስለሆነ ብዙ ካስጠጋሽ ይደበዝዛል። እሱ እስኪወጣ ድረስ ብቻ፣ ከዚያ አትለፊ።

ቅድም 50 ፍሬም ያስደረግኩሽ አሁን ይጠቅምሻል። የመጨረሻውን ቪዲዮ በ25 ካወጣሽ እነዚያን አራት ሰከንዶች በግማሽ ፍጥነት ማጫወት ትችያለሽ። ስምንት ሰከንድ ይሆናሉ፣ እያንዳንዱ ፍሬም እውነተኛ ነው፣ አይንገጫገጭም። ድምፁ ስለሚጎተት አውጪውና ሙዚቃ አድርጊበት። ክንዱ ከገባ በኋላ ያለውን አትሞክሪው። ከክንዱ በታች ያለውን ፊት ብትሞዪው የምትሞዪው ሌላ ሴት ነው። የሰው አያት ፊት በግምት አይሳልም።

የታቦር ልጅ

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ሞክሬ ልመለስ።

የታቦር ልጅ (ከጥቂት ቀን በኋላ)

ሐይቁ ተሳካ። ቀዩን ጥላ ቀለሙን ከፍ ሳደርገው አገኘሁት፣ ባይነግሩኝ አላየውም ነበር። እቅፉን ቆረጥኩት። እናትየው ሱቅ መጥተው አዩት። የሐይቁን ሲያዩ «አበጀሽ» አሉ። እቅፉ ጋ ሲደርሱ ግን «እዚህ ጋ ባለቤቴ ያለቅስ ነበር፣ የት ሄደ?» አሉኝ። ከወንድሙ ጋር ተቃቅፎ ስለነበር አብሮ እንደወጣ ነገርኳቸው። ዝም አሉና «እንግዲህ እንዲሁ ይሁን» ብለው ሄዱ።

ማታ ልጅቷ ደወለች። ያልተቆረጠውን ለእናቷ ሳልነግር በፍላሽ እንድሰጣት ትፈልጋለች። አጎቷን መልሷ ላይ ልትጠራው አስባለች መሰለኝ። ምን ላድርግ?

ፈጣን ኤዲት

ስጫት። አባቷ ናቸው። ፋይሉ እንደሆነ አንቺ ጋ አለ።

አሮጌ ካሴት (አዳማ)

አትስጪ። ካሴቱን ያመጡት እናትየው ናቸው፣ የከፈሉትም እሳቸው። ሙሉውን ግልባጭ በሌላ ፍላሽ አድርገሽ ከካሴቱ ጋር ለእናትየው መልሺ። ሙሉው እዚህ እንዳለም ንገሪያቸው። ልጅቷ ከእናቷ ትጠይቅ።

እማ ቡና

እሳቸው ቢጥሉትስ? ያ ካሴት እኮ አንድ ብቻ ነው።

አሮጌ ካሴት (አዳማ)

እሱን እኔም አላውቅም እማ። ሱቁ ግልባጭ ለስንት ጊዜ እንደሚያስቀምጥ ቀድሞ ተነግሯቸው ከሆነ እስከዚያ ማቆየት ይቻላል። ካልተነገራቸው ግን ጠይቂያቸው።

የታቦር ልጅ

አልተነገራቸውም። ሐሙስ ሊረከቡ ይመጣሉ፣ እጠይቃቸዋለሁ። ለልጅቷም እናትሽን አናግሪ ብያታለሁ፣ ተቆጥታ ዘጋችብኝ። ሌላ አንድ ጥያቄ፦ የአዳራሹ ፕሮጀክተር ሰፊ ስክሪን ነው፣ የኔ ቪዲዮ 4 በ3 ነው። ልለጥጠው?

አሮጌ ካሴት (አዳማ)

ኧረ በጭራሽ! ሰዉ ሁሉ ወፍሮ ይታያል። ግራና ቀኙን ጥቁር ተዪው።