የማስታወሻዬ ደቂቃና የቅጂው ደቂቃ አልገጥም አሉኝ

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ እርዱኝ። የ90 ደቂቃ ሌክቸር ቅጂን ወደ ጥናት ማስታወሻ እየቀየርኩ ነው። በየዋናው ነጥብ አጠገብ ደቂቃውን መጻፍ እፈልጋለሁ።

ድምፁን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ፕሮግራም ረጅም ፋይል ስለማይቀበል ቅጂውን በየ30 ደቂቃው ለሦስት ከፈልኩት። እያንዳንዱ ክፍል ከ00:00 ይጀምራል። ሁለተኛው ላይ 30 ደቂቃ ስደምር ልክ መጣ፤ 12:40 ያለው ሐሳብ ዋናው ቅጂ ላይ 42:40 ተገኘ።

ያስቸገረኝ ሦስተኛው ነው። 60 ደቂቃ ስደምር መጀመሪያው ይገጥማል። መምህሩ ዝም ብሎ ሰሌዳ ላይ ከጻፈ በኋላ ግን የእኔ ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በየዝምታው ልዩነቱ ይሰፋል። ፕሮግራሙ ዝምታውን እየቆረጠ ይመስለኛል።

ዝምታውን እንዳይነካ ማድረግ ይቻላል? ወይስ ከየዝምታው በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ዋናው ላይ ፈልጌ፣ ልዩነቱን ከዚያ ወዲያ ላለው ልደምር? ቀመሮቹ በሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ በግምት ማለፍ አልፈልግም።