ለባንክ ብድር የ12 ወር የገንዘብ ፍሰት ትንበያ፦ ስንት ልጠይቅ?

ለጀማሪ ድርጅቴ ብድር ለመጠየቅ የ12 ወር የገንዘብ ፍሰት ትንበያ እያዘጋጀሁ ሲሆን፣ የብድሩን መጠን መወሰን ቸግሮኛል። በእጄ 50 ሺህ አለ፤ በየወሩ የ100 ሺህ ሽያጭ ብጠብቅም ደንበኞች የሚከፍሉት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ 70 ሺህ የሆነው ወርሃዊ ወጪዬ ግን ወዲያው ይከፈላል።

መጀመሪያ ሽያጩን በተሸጠበት ወር ስለመዘገብኩት (ስህተቱ የእኔው ነው) ጉድለት አልታየኝም ነበር። ገንዘቡ በሚገባበት ወር ሳስተካክለው ግን ቀሪው በ2ኛው ወር መጨረሻ ከዜሮ በታች 90 ሺህ ወረደ፤ ዜሮ ላይ የሚመለሰውም በ5ኛው ወር ነው።

ደንበኞች አንድ ወር ቢዘገዩ ጉድለቱ 160 ሺህ ይደርሳል፤ ወለዱ ደግሞ ራሱ ቀሪውን ስለሚቀንስ ስሌቱ በራሱ ላይ ይዞርብኛል። መጠኑን በየትኛው ጉድለት ላይ ልመሥርት? የዋናውን ብድር ክፍያ ከ6ኛው ወር እንዲጀምር አድርጌ የእፎይታ ጊዜ ብጠይቅስ፣ በትንበያው ውስጥ ወለዱን ብቻ ከ1ኛው ወር ጀምሬ ማስገባት ይኖርብኛል?