በ29 ሳምንት የተወለደው የእህቴ ልጅ ያቃስታል፤ ጠርሙስ ውስጥ የሚፍለቀለቀውስ ምንድን ነው?

ጠያቂ (አክስት ነኝ): ሰላም ቤተሰብ። እህቴ ትናንት በ29 ሳምንቷ ወለደች። ልጁ 1.2 ኪሎ ነው። ሲተነፍስ ያቃስታል፣ ደረቱም ወደ ውስጥ ይገባል። አፍንጫው ላይ ቱቦ አድርገውለታል፤ የቱቦው ሌላ ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይፍለቀለቃል። ሐኪሟ «ሰርፋክታንት ያንሰዋል» ብላ እየተጣደፈች ሄደች። ምን ማለቷ ነው?

ደሬ: ሳንባው ገና አልበሰለም ማለቷ ነው። ኦክስጅን ከጨመሩለት ይበቃዋል። ጠበቅ አድርጋችሁ ንገሯቸው።

ሲስተር መ. (የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ): ደሬ፣ ሳንባው ላይ ልክ ነህ። ኦክስጅኑን ግን እንዲህ በግምት አንጨምርም፤ ሲበዛ የእነዚህን ልጆች ዓይን ይጎዳል።

እህቴ፣ ውስጡ የረጠበ ፌስታል ለመክፈት ታግለሽ ታውቂያለሽ? ውሃው ሁለቱን ጎን ያጣብቀዋል። የሳንባ የአየር ከረጢቶችም ውስጣቸው እርጥብ ነው። ከረጢቱ ባነሰ ቁጥር ደግሞ ውሃው ወደ ውስጥ የሚስብበት ኃይል ይበረታል። ሰርፋክታንት ሳንባው ራሱ የሚሠራው ቅባት ነገር ነው። ውሃው ላይ ተነጥፎ መሳሳቡን ያላላዋል፣ ልክ እንደ ሳሙና። የሚበቃ ያህል የሚገኘው ወደ 34 ሳምንት ግድም ነው። የእናንተ ልጅ አየር ባስወጣ ቁጥር ከረጢቶቹ ይጣበቁበታል፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ አዲስ ፊኛ እንደመንፋት ነው።

ማቃሰቱም ብልሃት ነው። ጉሮሮውን ገርበብ አድርጎ አየሩ ሁሉ እንዳይወጣ ይይዘዋል። ጠርሙሱ ይህንኑ ሥራ ያግዘዋል። ቱቦው ውሃው ውስጥ 6 ሳንቲሜትር ከጠለቀ፣ ያን ያህል ግፊት ሳንባው ውስጥ ይቀርና ከረጢቶቹ አይዘጉም። መፍለቅለቁ ካቆመ አየር የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቱቦው ከአፍንጫው ወልቆ ነው። አትነካኩት፣ ነርስ ጥሩ።

የናቲ እናት: የኔም ልጅ አቃስቶ ነበር! ዘጠኝ ወሩን ሞልቶ በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። በማግስቱ ያለምንም መድኃኒት ተወው። አይዞሽ።

ሲስተር መ.: የናቲዬ እናት፣ ያንቺ ሌላ ይመስለኛል። በኦፕራሲዮን ሲወለዱ ሳንባቸው ውስጥ ፈሳሽ ይቀራል፣ እሱ ቶሎ ይመጠጣል። ይኼኛው ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሊብስ ይችላል፣ ከዚያ የራሱ ቅባት እየመጣ ይሻለዋል። ለእህትሽ ከመውለዷ በፊት የሳንባ ማብሰያ መርፌ ተሰጥቷት ነበር?

ጠያቂ: አንድ ጊዜ ተወግታ ወዲያው ምጧ መጣ። ሰርፋክታንቱ በመድኃኒት መልክ የለም እንዴ?

ሲስተር መ.: አለ። በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ ሳንባ ይገባል። ችግሩ ውድ ነው፣ ሁሉም ቦታም አይገኝም። የሚሠራው ከከብት ወይም ከአሳማ ሳንባ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በዚሁ በሽታ ሲሞት ግን በዓለም ላይ ለማንም አልነበረም።

ጠያቂ: አሳማ?! እናታችን ይህን ከሰማች አለቀልን። ለማንኛውም ሐኪሟን ልጠይቅ። አሁን ገብቼ አይቼው ነበር፣ ጠርሙሱ ይፍለቀለቃል።

ደሬ: ለእናታችሁ «የከብት ነው» በሏት በቃ።