ቋሚ ሥራ ልያዝ ወይስ በፍሪላንስ ልቀጥል?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ተርጓሚ ነኝ፤ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ያለፉትን 6 ዓመታት በፍሪላንስ። አሁን አንድ ድርጅት በቋሚነት ሊቀጥረኝ ይፈልጋል። ደሞዙ በቀን ሲሰላ ከማስከፍለው በ30 በመቶ ያንሳል። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ለእናቴም በየወሩ እልካለሁ። 14 ዓመት ለፍቼ በዚህ ልስማማ? ከበደኝ።

ወንድማችሁ፦ እንዳትገቢ! ፍሪላንሰር የኮምፒውተሩንም የኢንተርኔቱንም ወጪ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢው ያስቀንሳል። ተቀጣሪ ይህ የለውም።

የፍርድ ቤት አስተርጓሚ፦ የኔም ጣጣ ይኸው ነው። ችሎት ጠዋት ይሰረዝና የመጣሁበት መንገድ ከንቱ ይቀራል። አንዳንዱ የመሰረዣ ክፍያ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ቅጠሩኝ ብላችሁ ለምኑ!

የቀድሞ ፍሪላንሰር፦ ወንድሜ፣ ወጪው መቀነሱ እውነት ነው። ግን ብዙ አገር አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣውን ድርሻ ፍሪላንሰሩ ራሱ ይሸፍናል። አስተርጓሚው ወንድማችን፣ እህታችን የምትሠራው የጽሑፍ ትርጉም ነው፤ የሷ ችግር ስረዛ ሳይሆን ያልተከፈለ ቀን ነው።

እህቴ፣ ቀን በቀን አታወዳድሪ። በዓመት 52 ሳምንት አለ። 4 ለዕረፍት፣ 2 ለበዓላት፣ 2 ለሕመምና ልጅ ለሚታመምበት ቀን አውጪ። 44 ቀረ። ከሳምንቱ አንድ ቀን ደግሞ ኢንቮይስ በመላክ፣ ደንበኛ በመፈለግና የሙከራ ጽሑፍ በመተርጎም ያልቃል። ስለዚህ የሚከፈልሽ 176 ቀን ነው። ተቀጣሪ ግን ዕረፍቱም ሕመሙም የሚከፈልበት ከሆነ የ260 ቀን ደሞዝ ያገኛል። የቀን ዋጋሽን 100 ብንለው ያንቺ 17,600፣ የሱ በ70 ሂሳብ 18,200። ጡረታው ገና አልገባበትም። ይህ ግን የኔ ግምት ነው፤ ያለፈውን ዓመት ኢንቮይሶችሽን አውጥተሽ የተከፈለሽን ቀን ቁጠሪ።

ጠያቂዋ፦ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቆጠርኩ። 183 ቀን። አንዱ ኤጀንሲ በ60 ቀን ነው የሚከፍለው፤ በሰኔ የሠራሁት በነሐሴ ገባ። በዚያ መሃል ለእናቴ የላክሁት ከቁጠባዬ ነበር። ውሉ ላይ ግን ለሌላ ደንበኛ መሥራት አይፈቀድም የሚል አንቀጽ አለ።

የቀድሞ ፍሪላንሰር፦ 183 ከሆነ 18,300 ነው፤ ከጡረታው በፊት ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አንቀጹ ላይ ግን ሳትፈርሚ ተነጋገሪ። ከድርጅቱ ጋር የማይወዳደሩ ደንበኞችን ማስቀጠል እንደምትችይ በጽሑፍ ይስፈርልሽ። ሁለት ነባር ደንበኞችሽን አትልቀቂ፤ ሥራው ባይሆን መመለሻሽ እነሱ ናቸው። በቀን ስንት ቃል እንደሚጠብቁም ጠይቂ። ከባድ ጽሑፍ ሆኖ ከ2,500 በላይ ካሉሽ፣ ማታ ማታ ቤትሽ ትጨርሺዋለሽ።

ወንድማችሁ፦ የጡረታውን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ቢሆንም ነፃነቷን ታጣለች።

ጠያቂዋ፦ ነፃነቱ ለኔ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማምጣት ነው። እነሱ በሳምንት 2 ቀን ከቤት ሥሪ ብለዋል። ሌሎቹን 3 ቀናት ማን ያመጣቸዋል? ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ነው፣ ያኔ ይተኛል። አራት ቀን ልሥራ ብዬ ልጠይቅ አስቤያለሁ። እንዲህ ተስማምቶ የገባ ካለ፣ ደሞዙ በምን ያህል እንደተቀነሰ ይንገረኝ።