የአክስቴ ልጅ እኛ ጋ ልረፍ እያለ አስጨነቀኝ፤ ሳላስቀይም ቁርጡን እንዴት ልንገረው?

የጀሞዋ
ጀሞ ባለአንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን። የአክስቴ ልጅ ደሴ ነው ያለው። አዲስ አበባ ሥራ እስካገኝ እናንተ ጋ ልረፍ እያለ ከፋሲካ ጀምሮ ይደውላል። «ቤቱ ጠባብ ነው» ስለው «መሬት ላይ እተኛለሁ» ይላል። «ውሃ በፈረቃ ነው» ስለው «እኔ እቀዳለሁ» አለኝ። አክስቴ ያሳደገችኝ ያህል ናት፣ መቀያየም አልፈልግም። ግን አይሆንም። ምን ብዬ ልጻፍለት?

ኪያ
ምን ያስጨንቅሻል! አዲሱ የኪራይ አዋጅ ከተከራዩ ውጪ ሰው ማሳደር ይከለክላል በዪውና ተገላገዪ።

ባለጉዳይ
ኪያ፣ አዋጅ 1320/2016 መኖሩ እውነት ነው። ግን የሚያወራው ስለ ውል ዘመን፣ ስለ ኪራይ ጭማሪና ስለ ቅድመ ክፍያ ነው። የአክስት ልጅ ሳሎን ይተኛ አይተኛ እዚያ ውስጥ የለም። ልጁ አንድ የሚያውቅ ሰው ከጠየቀ ውሸታም ሆና ትቀራለች። ይልቅ አዋጁ ለራሱ ለልጁ ይጠቅማል። አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም። ክፍል ሲፈልግ ይህን ይወቅ። የሚጠይቁ አሉ እንጂ።

ስደተኛው
እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ለአጎቴ ልጅ «የአፓርትመንቱ ውል ላይ ስሙ የሌለ ሰው መክረም አይችልም» አልኩት። እውነቴን ነበር። «እንግዲያው ስሜን አስጽፈው» አለኝ! አሁን የሚኖረው እኔ ጋ ነው። የሚገርመው ጥሩ ምግብ ይሠራል።

እትዬ
ልጄ፣ ያንቺም ችግር እሱ ነው። ምክንያት በሰጠሽው ቁጥር ምክንያቱን ያቃልልልሻል። ስለዚህ ውሃውንም ጥበቱንም ተዪው። ባለቤቴ አልፈቀደም የሚለውንማ አደራሽን። ነገ በቀጥታ ለሱ ይደውልለታል፤ ዘመዱ ሁሉ «ሰውየው ነው የከለከላት» እያለ ባልሽን ሲያማ ይኖራል። «እኛ ወስነናል» ነው የሚባለው።

ከልጁ በፊት ለአክስትሽ ደውዪ። ጽሑፍ አይደለም፣ ድምፅሽን ትስማ። ከሱ አፍ ከሰማችው «እምቢ አለችኝ» ብቻ ነው የሚደርሳት። አንቺ ስትነግሪያት ግን ምን እንዳሰብሽለትም አብራ ትሰማለች። አክስትሽ ካለቀሰችም ታልቅስ፣ ቃልሽን አትለውጪ።

ከዚያ ለሱ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦

«ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? ስለ ማረፊያው ቁርጡን ልንገርህ። እኛ ቤት ማረፍ አይሆንም። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ወስነናል፤ ወደፊትም አይለወጥም። እሱን እየጠበቅህ ጊዜህ እንዳይባክን ብዬ ነው። አዲስ አበባ ከመጣህ እሁድ ምሳ እኛ ጋ ነህ። ክፍል አብሬህ እፈልጋለሁ፤ የመጀመሪያ ወር ኪራይህን ግማሽ እኔ እችላለሁ። ለእማማም ነግሬያታለሁ።»

«ለጊዜው»፣ «እስቲ እናያለን»፣ «እግዜር ያውቃል» የሚባል ነገር እንዳይገባበት። አንዷ ከገባች በሚቀጥለው ወር ይደውላል። የምትችዪውን ብቻ ቃል ግቢ። ግማሽ ኪራይ ካልቻልሽ ምሳው ይበቃል።

የጀሞዋ
እትዬ ተባረኪ። ግማሹን እንችላለን። ግን እሱን አውቀዋለሁ፣ «ሁለት ሳምንት ብቻ» ማለቱ አይቀርም።

እትዬ
ይላል እንጂ። «ገብቶኛል ወንድሜ፣ መልሴ ግን ያው ነው። ክፍሉን መቼ ፍለጋ እንጀምር?» በዪው። አዲስ ምክንያት አትጨምሪ። ደግሞ ካነሳው ያንኑ ድገሚለት። ስልኩን አትዝጊበት፣ ዝም ካልሽው አኩርፋለች ይባላል።

ወንድሜነህ
እኔ ግን አልገባኝም። የኛ ቤት ስንት ዘመድ ተምሮ የወጣበት ነው። እናታችን አንድም ቀን እምቢ ብላ አታውቅም። አሁን ኮንዶሚኒየም ገባን ብለን ዘመድ በጽሑፍ እናባርር?

ባለጉዳይ
ወንድሜነህ፣ እናታችሁ ቤት ስንት ክፍል ነበረው? ይቺ ሳሎኗ የልጇ ማጥኛም ነው። ደግሞ ማን አባረረ? ኪራይ ትከፍልለታለች።

የጀሞዋ
የምፈራው አንድ ነገር ነው። መልእክቱን አይቶ እንዳላየ ሆኖ፣ ሻንጣውን ይዞ ማታ በር ቢያንኳኳስ?

ኪያ
በሩን አትክፈቺ።

እትዬ
ኧረ በስመአብ! ከደሴ የመጣ ሰው በማታ በር ላይ አይመለስም። ራቱን በልቶ ይደር። ጠዋት ቁርስ ላይ ግን ሳይውል ሳያድር ባለቤትሽ ይዞት ክፍል ፍለጋ ይውጣ።

ባለጉዳይ
እትዬ፣ በዚህ አልስማማም። አንዴ ካደረ ማን ያስወጣዋል? ሠፈሩ ውስጥ ፔንሲዮን አለ። የአንድ አዳሩን ከፍለሽ፣ ራት ጋብዘሽ እዚያው አድርሺው።

ስደተኛው
የኔም «አንድ ሌሊት ብቻ» ብሎ ነው የገባው።

የጀሞዋ
አንድ ሌሊቱን ከባለቤቴ ጋር እንነጋገርበታለን፣ ገና አልወሰንኩም። ለአክስቴ ግን ዛሬ ማታ እደውላለሁ።