ኢንሹራንሱ ዝም አለኝ፤ አስታራቂ ቢሮውም ማመልከቻዬን መለሰብኝ

ሳሮን
እባካችሁ ዛሬ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ከላይ ያለው ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ኮርኒሴ ወረደ። የቤት ኢንሹራንስ አለኝ። ገማች መጣ፣ ፎቶ አነሳ፣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ጠፋ። ስልችት ሲለኝ ወደ ኢንሹራንስ አስታራቂ ቢሮ አመለከትኩ። ዛሬ ጠዋት «ቅሬታዎን አስቀድመው ለድርጅቱ ስላላቀረቡ መቀበል አንችልም» ብለው መለሱብኝ። ስንት ኢሜይል ነው የላኩት! ምን ላድርግ? ኮርኒሱ አሁንም ክፍት ነው።

ናቲ
አይዞሽ። ኢሜይሎቹን ሁሉ ስክሪንሾት አድርጊና እንደገና ላኪላቸው። ምናልባት አላዩትም።

ደረጀ
እህቴ፣ መጀመሪያ የምታንኳኪውን በር ለይ። አስታራቂ ያልሽው፣ ኦምቡድስማን የሚባለው ነገር ከስዊድን የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1809 ፓርላማው ባለሥልጣናትን የሚቆጣጠርለት ሰው እንዲኖረው ያቋቋመው ሹመት ነው። እኛ እንባ ጠባቂ የምንለው ይህንኑ ነው። ሥራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዜጋን ሲበድል መመርመር ነው። የግል ኩባንያ አይመለከተውም። ስለዚህ ጥያቄሽ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ጠበቃ ያዢና ፍርድ ቤት ሂጂ።

ሳሮን
ጋሽ ደረጀ፣ እኔ ያመለከትኩት እዚያ አይደለም። የኢንሹራንስ ጉዳይ ብቻ የሚያይ ቢሮ ነው። ስሙና አድራሻው በውሌ የመጨረሻ ገጽ ላይ ተጽፏል።

የፋይል ሰው
ሳሮን፣ እንዲህ ባለ ቢሮ ውስጥ ገቢ ማመልከቻ ስለይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ጋሽ ደረጀ ስለ መንግሥቱ እንባ ጠባቂ ያሉት ትክክል ነው። ግን በብዙ አገር ለኢንሹራንስ፣ ለባንክ፣ ለስልክ፣ ለመብራት ለየብቻ አስታራቂ አለ። በሩን አልሳትሽም።

የተመለሰብሽ በሌላ ምክንያት ይመስለኛል። ከመፍረዴ በፊት ሦስት ነገር ንገሪኝ። በኢሜይሎቹ ላይ ቃል በቃል ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው? ለየትኛው አድራሻ? ቢሮው ለድርጅቱ ስንት ሳምንት ይሰጣል?

እቴነሽ
እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ፣ ይጠቅምሽ ይሆናል። ከስልክ ድርጅት ጋር ተጣልቼ ነበር። ውሉን አቋርጬ ገንዘብ እየቆረጡብኝ ቀጠሉ። በንዴት መጀመሪያ ክስ መሠረትኩ። ከዚያ ፍርድ ቤቱ ሲረዝምብኝ ወደ አስታራቂው ሄድኩ። «ጉዳዩ በፍርድ ቤት ስለተያዘ አናየውም» ብለው ዘጉት። እና ጠበቃ ያዢ የሚሉሽን ቶሎ አትስሚ። ከፍርድ ቤት ወደ አስታራቂ መመለስ ይከብዳል።

ሳሮን
ይኸው። ቧንቧው የፈነዳው መጋቢት 3 ነው። በ5 የካሳ ጥያቄ አስገባሁ። ገማቹ የመጣው መጋቢት 12 ነው።

መጋቢት 28 የጻፍኩት፦ «ሰላም፣ የካሳ ጥያቄዬ ከምን ደረሰ?»
ሚያዝያ 10፦ «እባካችሁ የደረሰበትን አሳውቁኝ።»
ሚያዝያ 24፦ «ከገማቹ ጉብኝት ወዲህ ምንም አልነገራችሁኝም። በዚህ አሠራር በጣም አዝኛለሁ። ቤቴ መኖሪያ አልሆነም። መልስ ካልሰጣችሁኝ ወደሚመለከተው አካል እሄዳለሁ።»

ሁሉንም የላክሁት ለካሳ ክፍሉ ነው። ለሦስተኛው «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል አውቶማቲክ መልስ ከነቁጥሩ መጥቶልኛል። ቢሮው ለድርጅቱ 8 ሳምንት ይሰጣል ይላል ገጹ። ለቢሮው ያያያዝኩት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው፤ ሦስተኛው ላይ የተቆጣሁ ስለመሰለኝ አፈርኩ።

የፋይል ሰው
አገኘነው። የደበቅሽው ኢሜይል ነው ዋናው ማስረጃሽ።

የካሳ ጥያቄ ሌላ፣ ቅሬታ ሌላ ነው። «ኮርኒሴ ወርዷል፣ ክፈሉኝ» ጥያቄ ነው። «ከምን ደረሰ?» ክትትል ነው። «ዝምታችሁ ጎድቶኛል፣ አስተካክሉ» ቅሬታ ነው። የቢሮው 8 ሳምንት የሚቆጠረው ከሦስተኛው ዓይነት ነው። ፋይልሽን የከፈተው ሰው ሁለት ትሑት የክትትል ኢሜይል ብቻ አየ። ስለዚህ ቅሬታ አላቀረበችም አለ። እኔም ብሆን በያዝኩት ወረቀት እንደዚያው ነበር የምለው።

የሚያዝያ 24ቱ ግን ቅሬታ ነው። በደሉን ይናገራል፣ ጉዳቱን ይናገራል፣ መልስ ይጠይቃል። «ቅሬታ» የሚለው ቃል ባይኖርበትም ማለት ነው። ከሚያዝያ 24 ጀምሮ 56 ቀን ቁጠሪ። ሰኔ 20 ይሞላል። ዛሬ ሰኔ 2 ነው። 18 ቀን ቀርቶሻል።

ናቲ
ታዲያ ዛሬውኑ አዲስ የቅሬታ ደብዳቤ ጽፋ ብትልክ አይሻልም? በሪኮማንዴ። እንደገና መላክ ነው ያልኩት እኮ።

የፋይል ሰው
ናቲ፣ መላኩ ጥሩ ነው። አዲስ ቅሬታ አድርጎ መላኩ ነው ጉዳቱ። ዛሬ «ቅሬታ አቀርባለሁ» ብላ ከጻፈች ድርጅቱ ከሰኔ 2 ጀምሮ ይቆጥራል። 8 ሳምንቱ ሐምሌ 28 ይሆናል። ከአንድ ወር በላይ በነፃ ሰጠችው ማለት ነው። የዛሬው ደብዳቤ የድሮውን ማስታወስ አለበት። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ሚያዝያ 24 በጽሑፍ ያቀረብኩትን ቅሬታ ይመለከታል። መድረሱን ያረጋገጣችሁበት ቁጥር ይኸው ነው። ገማቻችሁ መጋቢት 12 ቤቴን አይቷል። ካሳው ተፈቅዷል ወይም ተከልክሏል የሚል ውሳኔ እስካሁን አልደረሰኝም። የገማቹን ሪፖርትና የመጨረሻ መልሳችሁን በጽሑፍ ላኩልኝ። 8ኛው ሳምንት ሰኔ 20 ይሞላል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ለአስታራቂ ቢሮው አቀርባለሁ።»

ይኼ ብቻ ይበቃል። ለካሳ ክፍሉ ላኪ። በውልሽ ላይ የቅሬታ ክፍል አድራሻ ካለ ለእሱም ጨምሪ። ሁለቱ ክፍሎች ብዙ ጊዜ አይነጋገሩም።

ምናልባት «ጉዳዩን እየተመለከትነው ነው» የሚል መልስ ይመጣል። አትደናገጪ፣ አትዘናጊም። እሱ የመጨረሻ መልስ አይደለም፤ ቆጠራውንም አያስቆምም። «ይህ የመጨረሻ አቋማችን ነው» ካሉሽ ግን ሰኔ 20ን መጠበቅ የለብሽም። በማግስቱ ወደ ቢሮው መሄድ ትችያለሽ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የማመልከቻ ጊዜ ገደብ አለው። አንዳንዱ ቢሮ 6 ወር፣ አንዳንዱ አንድ ዓመት ይላል። ያንቺን ከገጹ አንብቢ።

ደረጀ
«አዝኛለሁ» ብሎ መጻፍ ቅሬታ ነው የሚለው አያሳምነኝም። ሕግ በግልጽ ቃል ነው የሚሠራው። ድርጅቱ «እኛ አስተያየት መስሎን ነበር» ቢልስ?

የፋይል ሰው
ጋሽ ደረጀ፣ ሊል ይችላል። ብለውም ያውቃሉ። እኔ በነበርኩበት ቢሮ ግን የምናየው ሐሳቡን ነበር። ሰውየው ቅር መሰኘቱንና መልስ መፈለጉን ካሳየ እንቀበል ነበር። በስልክ የተባለ እንኳ ቆጥረን እናውቃለን። ሌላ ቢሮ በጽሑፍ ካልሆነ አይቀበልም። ለዚህ ነው ሳሮን ዛሬ ደውላ መጠየቅ ያለባት፦ «የሚያዝያ 24ቱን ኢሜይል እንደ ቅሬታ ትቀበሉታላችሁ?» አይሆንም ካሏት ዛሬውኑ አዲስ ቅሬታ ትጻፍ። ያኔ የናቲ ሐሳብ ትክክል ይሆናል።

ብርቱካን
እኔም እንደ ሳሮን ሊንኩ አልከፍት ብሎኛል። የምኖረው አውሮፓ ነው። ከኦንላይን የገዛሁት ዕቃ ሳይደርሰኝ ቀረ። ሻጩ ገጽ ላይ «አለመግባባት ሲኖር» የሚል የአውሮፓ ኅብረት መድረክ ሊንክ አለ። ሞቷል።

የፋይል ሰው
ብርቱካን፣ የሳሮን ችግር ሊንክ አይደለም፤ ያንቺ ግን እውነት ነው። መድረኩ እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2025 ተዘግቷል። ብዙ ሻጮች ሊንኩን ከገጻቸው አላነሱትም። በምትኖሪበት አገር ያለውን የሸማቾች አስታራቂ በቀጥታ ፈልጊ። ለሻጩ አስቀድመሽ በጽሑፍ ማመልከት ግን እዚያም አይቀርልሽም።

እማማ አልማዝ
ልጄ ሳሮን፣ ስለ ወረቀቱ ሁሉም ነገረሽ። ስለ ኮርኒሱ ማንም አላለም። ክፍቱን ትተሽ አትጠብቂያቸው። የእኔ ልጅ ያንን አድርጎ ኢንሹራንሱ «ባለመሸፈንህ የባሰው ጉዳት ያንተ ነው» አለው። ከመሸፈንሽ በፊት ፎቶ አንሺ። ከዚያ ላስቲክም ይሁን ጣውላ አስመቺበት። ደረሰኙን ያዢ። ትልቁን ጥገና ግን ሳትነግሪያቸው አትጀምሪ፤ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

የፋይል ሰው
እማማ አልማዝ ያሉትን ዛሬ ማታ አድርጊው። ይኼን እኔ መጀመሪያ ማለት ነበረብኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰኔ 20 አልፎ ስታመለክቺ ቅጹ ላይ «ምን ይፈልጋሉ?» የሚል ሳጥን አለ። ሰው ሁሉ እዚያ «ፍትሕ» ይጽፋል። መርማሪው ፍትሕን የሚያስገባበት ቦታ የለውም። አንቺ «ድርጅቱ ካሳውን በ14 ቀን ውስጥ ይወስን፤ ያወጣሁትን ጊዜያዊ ጥገና በደረሰኝ ይተካ፤ ለመዘግየቱ ይካሰኝ» በይ። ከላይ የቀኖቹን ዝርዝር በአንድ ገጽ አስቀምጪ። የሚያዝያ 24ቱንና አውቶማቲክ መልሱን ከሁሉ ፊት አያይዢ። የተቆጣሽበትን አትሰርዢው።

ቢሮው ያንቺ ጠበቃ እንዳልሆነም እወቂው። ሁለታችሁንም ነው የሚሰማው። ውሳኔው አንዳንድ ቦታ ድርጅቱን ያስገድዳል፣ አንዳንድ ቦታ ምክር ብቻ ነው። በአስታራቂ ፊት እያለሽም የፍርድ ቤት የጊዜ ገደብ ሊቆጥርብሽ ይችላል። ይኼንንም ስትደውዪ ጠይቂ።

ሳሮን
ደወልኩ! የሚያዝያ 24ቱን ኢሜይል ሳነብላት የቢሮው ሠራተኛ «ይህን ለምን አላያያዙትም?» አለችኝ። እንደ ቅሬታ መያዝ አለመያዙን ግን ኃላፊዋን ጠይቃ ነገ እንደምትነግረኝ ነው ያለችው። ደብዳቤውን ለሁለቱም አድራሻ ልኬያለሁ። ወንድሜ ላስቲክ ይዞ እየመጣ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ።

ናቲ
ሲነግሩሽ እዚህ ጻፊልን።

እቴነሽ
ሳሮን፣ ዛሬ ሰኔ 23 ነው። ተቀበሉሽ? የኮርኒሱስ ነገር?